ምዕራፍ ሰባት፦ የበጀት ዝውውር ጥያቄ

የበጀት ዝውውር ማለት ለጋሹና ድጋፍ ተቀባዩ ድርጅት ውል ሲፈራረሙ ለአንድ ዓይነት ወጪ የተመደበውን ገንዘብ የድጋፉ ጠቅላላ መጠን ሳይጨምርና ሳይቀንስ ለሌላ ዓይነት ወጪ ማዋል ነው። የፕሮጀክት በጀት ሁለት እርከን አለው፤ ላይኛው እርከን እንደ ሰው ኃይል፣ ጉዞ፣ ዕቃና መሣሪያ ያሉትን ሰፋፊ ክፍሎች የያዘ ሲሆን የበጀት ርዕስ ይባላል፤ ከእያንዳንዱ ርዕስ ሥር ደግሞ የአንድ ባለሙያ ደመወዝ ወይም የአንድ መኪና ነዳጅ የመሰሉ ዝርዝር ወጪዎች በየራሳቸው መስመር ይቀመጣሉ። ይህ ልዩነት ቀላል ቢመስልም አብዛኛው ጥያቄ የሚወሰነው በእሱ ነው፤ ምክንያቱም ብዙ ለጋሾች በአንድ ርዕስ ሥር ካለ መስመር ወደ ሌላ መስመር የሚደረገውን ዝውውር ለድርጅቱ ሲተዉ፣ ከርዕስ ወደ ርዕስ የሚሻገረውን ግን በመቶኛ ገደብ ያጥሩታል።

የአሠራሩ ውስብስብነት የሚታየው ቁጥሮቹ በአንድ ቦታና በአንድ ሥራ ላይ ሲቀመጡ ስለሆነ፣ ይህ ምዕራፍ ለማብራሪያ የታሰበ አንድ ፕሮጀክት እስከ መጨረሻው ይከተላል። ፕሮጀክቱም ሆነ ድርጅቱ ለምሳሌነት የተዘጋጁ ናቸው፤ ቦታው፣ የለጋሾቹ ደንቦችና የወቅቱ ሁኔታዎች ግን እውነተኛ ናቸው። ቦታው በአማራ ክልል ሰሜን ጎንደር ዞን የሚገኘው አዲ አርቃይ ወረዳ ነው፤ ከደባርቅ የሚነሳው መንገድ የሊማሊሞን ቁልቁለት ተጠማዝዞ ከወረደ በኋላ ወደ ማይ ጸብሪ የሚያቀናው በዚህ ወረዳ በኩል ነው። የሰሜን ተራሮች ግርጌ እንደመሆኑ ምንጩ ብዙ ጊዜ ከላይ፣ መንደሩ ከታች ስለሚገኝ ውኃ ያለ ሞተር በቧንቧ ብቻ ቁልቁል ሊወርድ ይችላል። በ2013 ዓ.ም. ክረምት የሰሜኑ ጦርነት የደረሰበት ከመሆኑም ሌላ፣ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተከሰተው ግጭት ምክንያት መንገዱ የሚዘጋባቸው ቀናት አሉ።

በምሳሌው ውስጥ አንድ የአገር ውስጥ ድርጅት በዚህ ወረዳ አሥር ምንጮችን ለማጎልበት ከአውሮፓ ኅብረት የ24 ወር ድጋፍ አግኝቷል። ቀጥተኛ ወጪው 280,000 ዩሮ ሲሆን፣ ለሰው ኃይል 90,000፣ ለጉዞ 24,000፣ ለዕቃና መሣሪያ 50,000፣ ለአካባቢ ጽሕፈት ቤት 26,000፣ ለልዩ ልዩ አገልግሎት 30,000፣ ለግንባታና ለቧንቧ ደግሞ 60,000 ዩሮ ተመድቧል። በዚህ ላይ ለዋናው መሥሪያ ቤት የጋራ ወጪ የቀጥተኛው ወጪ 7 በመቶ፣ ማለትም 19,600 ዩሮ ይታከላል።

ችግሩ የተከሰተው ከአሥሩ ምንጮች በአንዱ ላይ ነው። ምንጩ በዲዛይኑ መሠረት 1,200 ሰዎችን ያጠጣል ተብሎ የታቀደ ሲሆን፣ በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ለገጠር በተቀመጠው የ25 ሊትር የነፍስ ወከፍ መለኪያ ሲሰላ በቀን 30,000 ሊትር ያስፈልገዋል። ሆኖም ባለሙያው በሚያዝያ ወር፣ ምንጮች እጅግ በሚሳሱበት ጊዜ፣ በባልዲና በሰዓት ሲለካ በሰከንድ 0.2 ሊትር ብቻ ያገኛል፤ ይህ በቀን 17,280 ሊትር ስለሆነ ለ700 ሰው እንኳ አይበቃም። ከፍ ብሎ የሚገኝ ሌላ ምንጭ በቂ ውኃ ቢኖረውም፣ መንደሩ ድረስ ለማምጣት ሦስት ኪሎ ሜትር ተጨማሪ ቧንቧና ቁልቁለቱ የሚፈጥረውን ኃይል የሚቀንሱ ሁለት የግፊት መስበሪያ ሳጥኖች ያስፈልጋሉ። ተጨማሪ ዋጋው 18,000 ዩሮ ነው።

በሌሎች ርዕሶች ግን ገንዘብ ይተርፋል። የመጀመሪያው ጉዞ ነው፤ መንገድ በሚዘጋባቸው ሳምንታት ከጎንደር ሊደረጉ የታቀዱ የክትትል ጉዞዎች ስላልተካሄዱ 9,000 ዩሮ ሳይነካ ቀርቷል። ሁለተኛው ሰው ኃይል ነው፤ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከፈቀደ በኋላ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ወጥቷል፤ ዩሮውም አብሮት ሄዷል። በብር የሚከፈለው ደመወዝ በዩሮ ሲሰላ ስለቀነሰ፣ ድርጅቱ ለኑሮ ውድነት የተወሰነ ጭማሪ ካደረገ በኋላ እንኳ እስከ ፕሮጀክቱ ማብቂያ 14,000 ዩሮ እንደሚተርፍ ይገምታል። ቧንቧው ግን ከውጭ የሚመጣ ወይም ከውጭ በገባ ጥሬ ዕቃ የሚሠራ በመሆኑ ዋጋው ዶላሩን ተከትሎ ስለወጣ፣ የምንዛሪው ለውጥ ለግንባታው ርዕስ ያስገኘው ቅናሽ የለም።

እዚህ ላይ የሒሳብ ሠራተኞችን ብዙ ጊዜ የሚያሳስት ነገር አለ። በአውሮፓ ኅብረት መደበኛ የውል ሁኔታዎች መሠረት፣ ልዩ ድንጋጌ ካልተቀመጠ በቀር፣ በብር የወጣ ወጪ ወደ ዩሮ የሚለወጠው ገንዘቡ በድርጅቱ ሒሳብ በገባበት ጊዜ በተመዘገበው ምንዛሪ እንጂ ወጪው በተደረገበት ቀን ምንዛሪ አይደለም። ስለዚህ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት ከገባ ክፍያ የተረፈ ብር፣ በመስከረም 2017 ዓ.ም. ቢወጣም፣ በዩሮ የሚሰላው በአሮጌው ምንዛሪ ነው። ይህን ያላስተዋለ ድርጅት በዕለቱ የባንክ ምንዛሪ አስልቶ ይተርፋል ያለው ገንዘብ በእጁ ላይኖር ይችላል፤ የዝውውር ጥያቄው ከጸደቀ በኋላ በሰው ኃይል ርዕስ ላይ ጉድለት የሚገጥመውም እንዲህ ሲሆን ነው።

የውሉ ደንብ ራሱ የሚከተለውን ይመስላል። ለውጡ የፕሮጀክቱን መሠረታዊ ዓላማ የማይነካ ከሆነና በአንድ ርዕስ ውስጥ የሚቆይ ከሆነ፣ ወይም ከርዕስ ወደ ርዕስ ቢሻገርም እያንዳንዱ የተነካ ርዕስ መጀመሪያ ከተመደበለት 25 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ብቻ የሚለወጥ ከሆነ፣ ድርጅቱ በጀቱን ራሱ አስተካክሎ ቢዘገይ በሚቀጥለው ሪፖርት በጽሑፍ ማሳወቅ ይበቃዋል። ከዚህ ካለፈ ግን ሁለቱም ወገኖች የሚፈርሙት የውል ማሻሻያ ያስፈልጋል፤ ጥያቄውም ለውጡ ሥራ ላይ እንዲውል ከሚፈለግበት ቀን 30 ቀን አስቀድሞ መቅረብ አለበት። በማሳወቂያ ብቻ ሊነኩ የማይችሉ ርዕሶችም አሉ፤ የጋራ ወጪውና የመጠባበቂያው ርዕስ ከእነዚህ መካከል ናቸው።

ደንቡን በምሳሌው ላይ ለመተግበር ሁለት ጎን ማየት ያሻል፤ 25 በመቶው በተቀባዩ ርዕስ ላይም በሰጪው ርዕስ ላይም ለየብቻ ይሰላልና። ከሰው ኃይል 9,000 ዩሮ ቢወሰድ የ90,000ው 10 በመቶ ስለሆነ ችግር የለውም። ከጉዞ 9,000 ቢወሰድ ግን የ24,000ው 37.5 በመቶ ስለሚሆን ከገደቡ ያልፋል፤ ከዚህ ርዕስ በማሳወቂያ ብቻ ሊወጣ የሚችለው 6,000 ነው። ግንባታው በበኩሉ 60,000 ዩሮ ስላለው በማሳወቂያ ሊቀበል የሚችለው ከ15,000 አይበልጥም፤ የሚፈልገው 18,000 ደግሞ 30 በመቶ ነው። ስለዚህ የጉዞውን ድርሻ ቀንሶ የሰው ኃይሉን በመጨመር የሰጪዎቹን ገደብ ማክበር ቢቻልም፣ ተቀባዩ ርዕስ ገደቡን ማለፉ ስለማይቀር ሙሉው 18,000 ያለ ውል ማሻሻያ ሊዛወር አይችልም።

ብዙዎች በዚህ ጊዜ የሚያስቡት መፍትሔ ገንዘቡን መከፋፈል ነው፤ ዘንድሮ 15,000 ዩሮ በማሳወቂያ አዛውሮ የቀረውን 3,000 በሚቀጥለው ሪፖርት ማሳወቅ። ይህ አይሠራም፤ መቶኛው የሚሰላው መጀመሪያ ከጸደቀው ወይም በውል ማሻሻያ ከተለወጠው መጠን ላይ እንጂ ድርጅቱ በራሱ ማሳወቂያ ካስተካከለው አይደለምና፣ ሁለተኛዋ 3,000 ከመጀመሪያዋ 15,000 ጋር ተደምራ 30 በመቶ ትሆናለች። በአንጻሩ የውል ማሻሻያው አንድ ጥቅም አለው፦ ግንባታው በማሻሻያ 78,000 ዩሮ ከሆነ በኋላ የሚቀጥለው 25 በመቶ ከዚህ አዲስ መጠን ላይ ስለሚሰላ፣ ድርጅቱ 19,500 ዩሮ የሚደርስ አዲስ መንቀሳቀሻ ያገኛል። ልምድ ያላቸው የፕሮጀክት አስተዳዳሪዎች ማሻሻያውን እንደ ሸክም ቆጥረው ከመሸሽ ይልቅ፣ በቀሪው ዘመን ሊመጡ የሚችሉ ለውጦችን ሁሉ አጥንተው አንድ ጊዜ መጠየቅን የሚመርጡት በዚህ ምክንያት ነው።

መቶኛው ከገደብ በታች ቢሆንም እንኳ ዓላማው ከተነካ ማሳወቂያ አይበቃም። ድርጅቱ ደካማውን ምንጭ ትቶ ዘጠኝ ምንጮች ብቻ ለመሥራት ቢወስንና ከግንባታው ርዕስ 3,000 ዩሮ ወደ ሌላ ቢያዛውር፣ የተዛወረው 5 በመቶ ብቻ ሲሆን፣ የተገባው ቃል ግን ስለተለወጠ ጉዳዩ የውል ጉዳይ ይሆናል። በምሳሌው የምንጮቹ ቁጥርም የሚጠጡት ሰዎችም አልተለወጡም፤ የተለወጠው ውኃው የሚነሳበት ቦታና የቧንቧው ርዝመት ነው። ይህን በጥያቄው ላይ በግልጽ መጻፍ የጥያቄውን ግማሽ መሥራት ነው ማለት ይቻላል።

ሌላ ለጋሽ ቢሆን ኖሮ መልሱ ሌላ ይሆን ነበር። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የድጋፍ ደንብ የሚያየው እያንዳንዱን ርዕስ ሳይሆን ጠቅላላ በጀቱን ነው፤ ድጋፉ በደንቡ ከተቀመጠው የገንዘብ ጣሪያ የሚበልጥ ሲሆን፣ ለጋሹ መሥሪያ ቤት የተዛወረው ገንዘብ ተደምሮ ከጠቅላላው በጀት 10 በመቶ በላይ በሚሆንበት ጊዜ ቅድመ ፈቃድ እንዲጠየቅ ሊያዝ ይችላል። የምሳሌው በጀት በዶላር ቢሆንና 300,000 ያህል ቢደርስ ገደቡ ቢጣልበት እንኳ 30,000 ስለሚሆን 18,000ው ያለ ፈቃድ ያልፍ ነበር፤ የሚዛወረው ግን በየጊዜው እየተደመረ ስለሚቆጠር በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዝውውር ላይ ጣሪያው ሳይታሰብ ሊመጣ ይችላል። ሁለት ለጋሾች ባሉት ድርጅት ውስጥ የአንዱን ደንብ ለሌላው መጠቀም ከዚህ የተነሳ የተለመደ ስሕተት ነው።

ከወረዳ ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ወደ ግብረ ሰናይ ድርጅት የሚመጡ የሒሳብ ባለሙያዎችም የራሳቸውን ልማድ ይዘው ይመጣሉ። በመንግሥት በጀት ዝውውር የሚታሰበው በሒሳብ መደብ ነው፤ ነዳጅና ቅባት 6217፣ ውሎ አበል 6231 እየተባለ። በፌዴራሉ የፋይናንስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 648/2001 ሥርዓት ደግሞ ከካፒታል ወደ መደበኛ በጀት ማዛወር የተከለከለ ነው። በድጋፍ ውል ውስጥ ግን እንዲህ ያለ አጠቃላይ ክልከላ የለም፤ ሕጉ የተፈረመው ውል ነው፤ ውሉ የፈቀደው ይፈቀዳል፣ ዝም ያለበት ደግሞ ይጠየቃል። በመንግሥት አሠራር ጥንቁቅ የነበረ ባለሙያ ለጋሹ በማሳወቂያ የሚፈቅደውን ሁሉ ፈቃድ እየጠየቀ ሥራውን ሲያዘገይ መታየቱ እንግዳ አይደለም።

ጥያቄው ሲጻፍ ድርጅቶች አብዛኛውን ጉልበታቸውን የሚያፈሱት ገንዘቡ ለምን እንደሚያስፈልግ በማስረዳት ላይ ነው። የለጋሹ ባለሙያ ግን ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያየው ገንዘቡ የሚወጣበትን ርዕስ ነው፤ የተረፈ ገንዘብ ሁሉ አንድም ያልተሠራ ሥራ፣ አንድም በልክ ያልታቀደ ዋጋ፣ አንድም እንደ ምንዛሪው ያለ የውጭ ምክንያት ስለሚሆን፣ የትኛው እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋል። የጉዞው 9,000 ዩሮ ተረፈ ማለት ክትትል አልተደረገም ማለት ነው፤ ስለዚህ «በጸጥታ ችግር አልተጓዝንም» የሚለው መልስ አዲስ ጥያቄ ይወልዳል፤ ያለ ክትትል የተሠሩት ምንጮች ጥራታቸው በማን ተረጋገጠ? አጥጋቢው መልስ በወረዳው የሚኖረው የውኃ ቴክኒሽያን የየሳምንቱን የሥራ ማረጋገጫ እንደፈረመና የወረዳው ውኃ ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ሥራውን እንደተረከበ ከሰነድ ጋር ማሳየት ነው። ለቀሪዎቹ ወራት የሚያስፈልገው የጉዞ ገንዘብም ተሰልቶ መቅረብ አለበት፤ ጉዞው ሙሉ በሙሉ ተራቁቶ በኋላ መንገዱ ቢከፈት ክትትሉ ከምን ይከፈላል የሚል ጥያቄ መነሳቱ አይቀርምና። የሰው ኃይሉም እንዲሁ ነው፤ ከሚተርፈው 14,000 ዩሮ 9,000 ብቻ ወስዶ 5,000 መተው፣ ዋጋ በፍጥነት በሚወጣበት ጊዜ ሁለተኛ የደመወዝ ማስተካከያ ሊያስፈልግ ስለሚችል፣ ከስስት ሳይሆን ከማስተዋል የሚቆጠር ነው።

ደብዳቤው ራሱ ከአንድ ወይም ከሁለት ገጽ መብለጥ የለበትም። «ጉዳዩ፦ የበጀት ዝውውርና የውል ማሻሻያ ስለመጠየቅ» ከሚለው በኋላ የውሉ ቁጥር፣ የሚጠየቀው መጠንና ለውጡ ሥራ ላይ እንዲውል የሚፈለግበት ቀን በመጀመሪያው አንቀጽ ይቀመጣሉ፤ አንባቢው የሚጠየቀውን ለማወቅ ሦስተኛው አንቀጽ ድረስ መጠበቅ የለበትም። ምክንያቱን የሚገልጸው አንቀጽ «በልዩ ልዩ ምክንያቶች በተከሰተ የዋጋ ንረት» በሚል ጥቅል ቃል ከተጻፈ መልሱ ማብራሪያ መጠየቅ ይሆናል፤ በዚህ ፈንታ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦ «በሚያዝያ ወር በተደረገ ልኬት ምንጩ በሰከንድ 0.2 ሊትር ብቻ መስጠቱ ስለተረጋገጠ፣ ለታቀዱት 1,200 ተጠቃሚዎች ውኃውን ከላይኛው ምንጭ ለማምጣት ሦስት ኪሎ ሜትር ተጨማሪ ቧንቧ አስፈልጓል፤ የምንጮቹና የተጠቃሚዎቹ ቁጥር አልተለወጠም።» አባሪ የሚሆኑት የልኬቱ መዝገብ፣ የተሻሻለው የሥራ መጠንና የዋጋ ዝርዝር፣ የአቅራቢዎች ፕሮፎርማና እስከ ዕለቱ የወጣውንና እስከ መጨረሻው የሚወጣውን ግምት ጎን ለጎን የሚያሳይ ሠንጠረዥ ናቸው። በሠንጠረዡ ላይ የመጀመሪያው በጀት፣ የሚጠየቀው ለውጥ፣ አዲሱ በጀትና የለውጡ መቶኛ በየርዕሱ መታየት አለባቸው፤ ድምሩም መጀመሪያ ከነበረው 280,000 ዩሮ በአንድ ዩሮ እንኳ ልዩነት ካለው ሰነዱ መመለሱ አይቀርም።

ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው የጊዜ ጉዳይ ነው። የውል ማሻሻያ ወደ ኋላ ተመልሶ የወጣን ወጪ እንዲሸፍን አይታሰብም፤ ስለዚህ ድርጅቱ ክረምቱ ሳይገባ ቧንቧውን ለመቅበር ሲል ከፈቃዱ በፊት ውል ቢገባ፣ ከገደቡ በላይ የሆነው ገንዘብ ተቀባይነት የሌለው ወጪ ተብሎ ከራሱ ኪስ ሊከፈል ይችላል። የለጋሹ ዝምታም ፈቃድ አይደለም። በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ለወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ፣ ሰነዶችን ከወረዳ አሰባስቦ መላክ ራሱ ሳምንታት ሊወስድ ይችል ስለነበር፣ የ30 ቀኑ ቆጠራ ከአዲ አርቃይ ሳይሆን ለጋሹ ጥያቄውን ከተቀበለበት ቀን እንደሚጀምር አውቆ ማቀድ የግድ ነበር። ሚያዝያ ላይ የተለካ ምንጭ ጥያቄው ግንቦት ላይ ቀርቦ ሰኔ ላይ ቢፈቀድ፣ ዝናቡ ቦዩን ስለማያስቆፍር ሥራው ወደ መስከረም ይሸጋገራል፤ ይህም ፕሮጀክቱ ሊያበቃ የቀረውን ጊዜ ይበላል፤ የጊዜ ማራዘሚያ ካስፈለገም በዚያው ማሻሻያ አብሮ መጠየቁ ይሻላል።

ፈቃድ መጠበቅ ሲሰለች ከሚደረጉት ነገሮች የከፋው ወጪውን ገንዘብ ባለበት ርዕስ ላይ መመዝገብ ነው። የቧንቧ ማጓጓዣ የጭነት መኪና ኪራይ «የክትትል ጉዞ» ተብሎ ይጻፋል፤ የቁፋሮ ሠራተኞች ክፍያም በሥልጠና ውሎ አበል ስም ይወጣል። ኦዲተር ይህን የሚያገኘው በብልሃት ሳይሆን ሰነዶችን በማስተያየት ነው፦ የመኪናው የጉዞ መዝገብ የጭነት መኪና ታርጋ ያሳያል፣ የሥልጠናው የስም ዝርዝር መንገዱ ተዘግቶ በነበረበት ቀን የተፈረመ ይሆናል፣ በተሳታፊዎቹ ፊርማና በቀን ሠራተኞቹ የክፍያ ፊርማ መካከል ተመሳሳይነት ይታያል። ገደብን ማለፍ ያለፈውን ገንዘብ ብቻ ሊያስመልስ ይችላል፤ የተሳሳተ ምዝገባ ግን የሌሎቹንም ሰነዶች እምነት ያሳጣል፤ ኦዲተሩም ናሙናውን እንዲያሰፋ ያደርገዋል።

ለጋሹ ከፈቀደም በኋላ የአገሪቱ ሕግ የራሱ ጥያቄ አለው። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ለሕዝብ ጥቅም የተቋቋሙ ድርጅቶች የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢያቸው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይገድባል፤ ከእሱ በፊት በነበረው አዋጅ ቁጥር 621/2001 ገደቡ ከወጪያቸው 30 በመቶ ነበር። ከፕሮጀክት ሠራተኛ ደመወዝ ወደ ቧንቧ የሚዛወር ገንዘብ በዚህ ረገድ አያሰጋም፤ አቅጣጫው ተገልብጦ ከግንባታ ወደ ጽሕፈት ቤት ኪራይና ወደ አስተዳደር ሠራተኞች ቢሄድ ግን ለጋሹ የፈቀደው ዝውውር ለሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን በሚቀርበው ዓመታዊ ሪፖርት ላይ ችግር ሊፈጥር ይችላል። በባሕር ዳር ካሉት የክልል ቢሮዎች ጋር የተፈረመው የፕሮጀክት ስምምነትም የራሱ የበጀት ሠንጠረዥ ስላለው፣ ለጋሹ ያጸደቀው አዲሱ በጀት እዚያም ካልደረሰ የክልሉ ገምጋሚዎች ወደ ወረዳው ሲመጡ ፕሮጀክቱን የሚመዝኑት በአሮጌው ቁጥር ይሆናል።

በመጨረሻም አዲሱ በጀት ሥራ ላይ ሲውል የሒሳብ ባለሙያው የመጀመሪያውን በጀት አይሰርዘውም። ሁለቱም ዓምዶች፣ የማሻሻያው ቁጥርና ሁለተኛው ወገን የፈረመበት ቀን እስከ መጨረሻው ሪፖርት አብረው ይቀመጣሉ፤ ከፊርማው ቀን በፊት የወጣው በአሮጌው፣ ከዚያ በኋላ የወጣው ደግሞ በአዲሱ ገደብ ይመረመራልና።